«ጥቅምት 12፣ 4 ሰዓት ላይ» ምን ታገደ?

ደብረ ማርቆስ ዋናው መሥሪያ ቤት ፋየርዎሉን ስረከብ ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበር። ያልተፈቀደ ነገር አያሳልፍም። ችግሩ ምን እንዳገደ አለመናገሩ ነው። የደጀን ቅርንጫፍ «አልላክ አለን» ሲል ገብቼ የማገኘው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ፓኬት ተጥሏል የሚል። ከማን? ወዴት? መቼ? ዝም።

የጨመርኩት አንድ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ድሮም ነበረ፦

```
limit rate 5/second burst 20 packets log prefix "FWD-DROP: "
counter drop
```

መመዝገቡና መጣሉ በሁለት መስመር መለያየታቸው ሆን ተብሎ ነው። አንድ ላይ ቢጻፉ ኖሮ በሰኮንድ 5 ከሚለው ገደብ በላይ የሚመጣው ፓኬት ያንን መስመር ዘልሎ ያልፋል፤ ሳይመዘገብ ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር ሳይታገድም። ገደቡን ደግሞ መተው አይቻልም። አንድ ቫይረስ የያዘው ኮምፒዩተር ዲስኩን በአንድ ሌሊት ይሞላዋል።

ከዚያ እነዚህን መስመሮች ከሌላው የሲስተም ወሬ ለይቼ `/var/log/fw.log` ላይ እንዲጻፉ አደረግሁ። ሰዓቱም ዓመቱንና የሰዓት ልዩነቱን ይዞ እንዲወጣ አስተካከልኩ። የድሮው አጻጻፍ ዓመት የለውም፤ ከወራት በኋላ ለሚፈልግ ሰው ራስ ምታት ነው። ሌላው የማቆያው ጊዜ ነበር። ማሽኑ ላይ ያገኘሁት ሳምንታዊ ሆኖ `rotate 4` ነው፤ ማለትም አንድ ወር ገደማ። እኔ በየቀኑ እየታመቀ 180 ፋይል እንዲቆይ አደረግሁት። ጽሑፍ ሲታመቅ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው።

ጥያቄው የመጣው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ኦዲተር አስከትለው ቢሮዬ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ቡሬዎች ጥቅምት 12 ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሪፖርት ልከናል፣ የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ትንሽ ይቀመጡ፣ አሁን እናየዋለን» አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ሰዓቱን መቀየር ነው። የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት በፈረንጅ 10 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ግን በዩቲሲ ስለሆነ ሦስት ሰዓት ይቀነሳል፣ 07:00 ይሆናል። ጥቅምት 12 ቀን 2011 ደግሞ ኦክቶበር 22 ቀን 2018 ነው። ይህን ሳይቀይር 04:00 ላይ የሚፈልግ ሰው ባዶ ያገኝና «ምንም አልታገደም» ብሎ በልበ ሙሉነት ይመልሳል። የቡሬው ማሽን አድራሻ 10.20.0.3 ነው፤ በእሱ ፈለግሁ፦

```
zgrep 'SRC=10.20.0.3 ' /var/log/fw.log* | grep '2018-10-22T07'
```

ከአድራሻው ኋላ ያለችውን ክፍት ቦታ ልብ በሉ። እሷ ከሌለች 10.20.0.31ም አብሮ ይመጣል፤ ያ ደግሞ የሌላ ሠራተኛ ማሽን ነው። በከንቱ ሰው ማስወቀስ ነው። የወጣው እንዲህ ይላል፣ አሳጥሬዋለሁ፦

```
2018-10-22T07:04:11+00:00 FWD-DROP: IN=tun1 OUT=eth1 SRC=10.20.0.3 DST=10.10.0.5 PROTO=TCP SPT=51544 DPT=8443 SYN
```

`tun1` የቡሬ መስመር ነው። `10.10.0.5` የሪፖርቱ ሰርቨር ነው። ሁለቱም ትክክል። ያልተለመደው የመድረሻው ፖርት 8443 ነበር፤ ለቅርንጫፎች የተፈቀደው 443 ብቻ ነውና። ኦዲተሩ ከስሩ ያሉትን ተመሳሳይ መስመሮች እያዩ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞክረዋል?» አሉ። አልሞከሩም። የላኪው ፖርት፣ `SPT` የሚለው፣ ሁሉም ላይ 51544 ነው። መልስ ያጣ ኮምፒዩተር ያንኑ ጥያቄ ሰኮንዶችን እያራራቀ ራሱ ይደግመዋል። የላኪው ፖርት ካልተቀየረ ሰውየው የሞከረው አንድ ጊዜ ነው። ቀጥሎ 07:09 ላይ ሌላ ፖርት ይዞ መጣ፤ ሁለተኛ ሙከራው እሱ ነው።

ቡሬ ደወልን። የዚያን ሰኞ ጠዋት የሪፖርቱ ፕሮግራም አዲስ እትም ተጭኖላቸዋል፤ ፖርቱንም የቀየረው እሱ ነው። በማግስቱ አንድ ሰው ወደ ድሮው መልሶታል፣ ለእኛ ግን የነገረን የለም። ስለዚህ ቡሬዎችም አልዋሹም፣ ፋየርዎሉም የታዘዘውን ነው የሠራው። ኦዲተሩ መስመሮቹን አሳትመው ፋይላቸው ውስጥ ከተቱ።

አንድ ነገር ግን ይህ ሎግ አይነግርም፦ በዚያን ሰዓት 10.20.0.3ን የያዘው የማን ማሽን እንደነበር። ቡሬ ላይ አድራሻው ቋሚ ስለነበር ተረፍን። አድራሻ በየጊዜው በሚታደልበት ቅርንጫፍ የዕደላው መዝገብም እኩል 180 ቀን መቀመጥ አለበት። አሁን እሱንም እዚያው እያስገባሁት ነው።