«በሹክሹክታ ያስተምሩ» ተብዬ ድምፄን ያጣሁበት ሳምንት

ጅማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ዝናቡ የክፍላችንን ቆርቆሮ ሲደበድበው ኋላ ላይ የተቀመጠ ተማሪ እንዲሰማ መጮህ ግድ ነው። ጉንፋን በያዘኝ ሰሞን ድምፄ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ጠፋ። ካርድ አወጣሁ፣ ተራ ጠበቅሁ፣ የሕመም ማስታገሻ ተጻፈልኝ። ስወጣ የመረመረኝ ባለሙያ «ድምፅዎን ያሳርፉ፣ ለጊዜው በሹክሹክታ ያስተምሩ» አለኝ። ጉሮሮዬን በባትሪ አየ እንጂ ማንቁርቴን አላየም፤ ማንቁርት ያለ መስታወት ወይም ያለ ካሜራ አይታይም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

እንደታዘዝኩት አደረግሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትንፋሼ ያልቃል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሴን ያዞረኛል፣ አንገቴ ግትር ይላል። «ቲቸር፣ አልተሰማም» ሲሉኝ ደግሞ ባለኝ አቅም እገፋለሁ። ቃል ሳጽፍ «ዘራ» ያልኩትን ግማሹ ክፍል «ሠራ» ብሎ ጻፈ። «ጠራ»ን ግን ሁሉም በትክክል ጻፈው። ሳምንቱ ሲያልቅ ድምፄ ሊመለስ ቀርቶ ስስል እንኳ ያመኝ ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ሌላ ቦታ፣ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ ያስገባች ሐኪም ማንቁርቴን በስክሪን ስታሳየኝ ነው። የድምፅ አውታሮች ከአየር ቧንቧው አናት ላይ ያሉ ሁለት የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። ስንተነፍስ ይከፈታሉ፣ ልንናገር ስንል ይገጥማሉ። አየሩ ከሥር ይገፋቸዋል፣ ግፊቱ ሲበረታ ይከፈታሉ፣ አየሩ በመካከላቸው ሲያልፍ ደግሞ የራሳቸው የመለጠጥ ባሕርይ ከአየሩ ግፊት መቀነስ ጋር ተባብሮ መልሶ ያገጥማቸዋል። ፈረስ በአፉ አየር ሲያስወጣ ከንፈሩ እንደሚርገበገበው ማለት ነው፤ ጡንቻ እያንዳንዱን ምት አያዝም። ይህ መከፈትና መዘጋት በወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። የሚያስፈልገው ግፊትም ትንሽ ነው። ስትሮ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አረፋ እስኪወጣ ብትነፉ፣ ለተራ ወሬ የሚበቃው ግፊት ያ ነው። አውታሮቹ ሲያብጡ ግን ይከብዳሉ፣ በደንብም አይገጥሙም፤ ስለዚህ ለማርገብገብ ከወትሮው የበለጠ ግፊት ይጠይቃሉ።

በሹክሹክታ ጊዜ ይህ ሁሉ አይሆንም። አውታሮቹ ይቀራረባሉ እንጂ አይርገበገቡም፤ ከኋላ በኩል ክፍተት ይቀራል። አየሩ በዚያ ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ይናወጥና ሹሹታ ብቻ ይፈጥራል። አፍና ምላስ ያንን ሹሹታ ስለሚቀርጹት «አ» ከ«ኢ» ይለያል፣ የ«ዘ» እርግብግቢት ግን ስለሌለ «ሰ» መስሎ ይሰማል። «ጠ» ያመለጠው በሳንባ አየር ስላልተሠራ ነው፦ አውታሮቹ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርቱ ከፍ ይልና አፍ ውስጥ የታፈነውን አየር ይጨምቀዋል። እንዲህ ካሉት ድምፆች በቀር ግን በሹክሹክታ ጊዜ ክፍተቱ ክፍት ስለሆነ አየሩ በከንቱ ይፈሳል፤ የትንፋሼ ማለቅና የራሴ መዞር ከዚያ ነበር።

ሐኪሟ በሹክሹክታ እንድናገር ስታደርገኝ ከአውታሮቹ በላይ ያለው ሥጋ ከሁለቱም ጎን ተጨምቆ ሊሸፍናቸው ሲደርስ በዓይኔ አየሁ። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የድምፅ ችግር ያለባቸው 100 ሰዎች በካሜራ ታይተው 69ኙ በሹክሹክታ ጊዜ ይህ መጨመቅ ብሶባቸዋል፣ 13ቱ ደግሞ ቀሎላቸዋል። ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ ሳያዩ ሹክሹክታን እንደ መድኃኒት ማዘዝ ግን ግምት ነው፤ በተለይ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ለሚገፋ ሰው።

የረዳኝ ዝምታ ነው፣ ያውም ጭራሽ ዝምታ። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ለተማሪ አስነበብኩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ግን በእውነተኛ ድምፅ፣ አጠገቤ ላለ ሰው ብቻ ማውራት ጀመርኩ። ስትሮ ውኃ ውስጥ ጥቂት ነክሬ «ኡ» እያልኩ አረፋ ማውጣትም ተማርኩ፤ የውኃው ግፊት ከላይ ስለሚመልስ አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ ይርገበገባሉ። ጎረቤት ሁሉ ያዘዘልኝ ዝንጅብልና ማር ደስ ይላል፣ ነገር ግን የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሮቹን አይነካቸውም። ውኃ መጠጣት የሚጠቅመው ቀስ ብሎ በሰውነት በኩል ነው፣ እንፋሎት ግን በቀጥታ ይደርሳቸዋል።

ራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ሙሉ ትንፋሽ ስባችሁ እስከቻላችሁ ድረስ «ስስስ» በሉ፣ ቀጥሎ እንደገና ስባችሁ «ዝዝዝ»። በሁለተኛው ጣታችሁ ሥር እርግብግቢት ይሰማል። ጤነኛ ሰው ሁለቱን የሚያቆየው ተቀራራቢ ጊዜ ነው። «ዝ»ው ከ«ስ»ው በግልጽ ካጠረ፣ አውታሮቹ በደንብ እየገጠሙ ላይሆን ይችላል። መሻከሩ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ባትሪ ይዞ አፋችሁን ለሚያይ ሰው ሁለተኛ ካርድ አታውጡ፤ ማንቁርት በካሜራ የሚታይበትን ቦታ ጠይቃችሁ ሂዱ።