ሶፍት ላይ

ፍራንክፈርት ውስጥ በማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። በእረፍት ሰዓት ሻይዬን ይዤ የቤተሰባችንን ግሩፕ እከፍታለሁ። አዲስ አበባ ያሉት፣ ዱባይ ያሉትና እዚህ ያለነው ሁላችንም እዚያ ውስጥ ነን። አማርኛ ነው የምናወራው፣ የምንጽፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በድሮዎቹ ስልኮች የኛ ፊደል አልነበረም። በኋላ ሲመጣም አንድ የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ይይዝ ነበር፣ በኛ ፊደል ከሆነ ግን 70 ብቻ፤ ሒሳቡን ለሚቆጥር ሰው ይኼ ቀላል ልዩነት አይደለም። ዛሬ ማንም ይህን አይቆጥርም፣ ጣታችን ግን ለምዶታል። ደግሞ እዚህ የተወለዱት ልጆች አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደል አያነቡም፤ በኛ ፊደል ከጻፍን እነሱ ከጨዋታው ይወጣሉ።

አንድ ቀን ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ ብቅ አለ። ኃይለኛ ጉንፋን ይዞት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ወዲያው ጻፈለት፦

Yet tefah?

እሱም መለሰ፦

Soft lay.

ብቻዬን ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረው ጀርመናዊ ባልደረባዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እኔም በቅን ልቦና ልተረጉምለት ሞከርኩ። «የት ጠፋህ?» አለው፤ «ለስላሳ ላይ» አለው። ዝም ብሎ አየኝ። እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ «የት ጠፋህ» እውነተኛ ጥያቄ እንዳልሆነ፣ ናፍቆት ያለበት ወቀሳ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ t አንዷ ለኛ ሁለት ፊደል እንደሆነች፣ ጠም ተም በሷ እንደሚጻፉ፣ ስለዚህ «የት ጠፋህ» ተብሎ የተጻፈው «የት ተፋህ» ተብሎም እንደሚነበብ አስረዳሁ። ቀጥሎ ሶፍት ከእንግሊዝኛ የመጣ ቢሆንም አገራችን ሲደርስ አፍንጫ መጥረጊያ እንደሆነ ነገርኩት። እዚያ ስደርስ እረፍታችን አልቋል። እሱም በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፣ ሳቁ ግን አልመጣም።

በሌላ ቀን ደግሞ እኛ ሳንቀልድ እሱ ሳቀ። ስክሪኔ ላይ ዓይኑ አርፎ mist የሚል ቃል ደጋግሞ አየ። ወንድሜ ትዳር ሊይዝ አስቦ ስለ ሚስት በቁም ነገር እየተመካከርን ነበር። በጀርመንኛ Mist ፍግ ማለት ነው፤ ነገር ሲበላሽባቸው «ሚስት!» እያሉ ይራገሙበታል። የወንድሜን ምክክር እንዲያ ሆኖ ማየቱ ትንሽ ከነከነኝ፣ ግን ምን ያድርግ፣ ፊደሉ የራሱ ነው፣ ያነበበውም በራሱ ቋንቋ ነው።

ስለዚያ ስለ ሶፍቱ ቀልድ ግን ብዙ አሰብኩ። በስልክ ቢነጋገሩት ኖሮ ቀልዱ አይኖርም፣ ምክንያቱም ጠ እና ተ ለጆሮ ይለያያሉ። በኛ ፊደል ቢጻፍም አይኖርም። ወደ ጀርመንኛ ሲሄድም ይሞታል። የሚኖረው አማርኛ በላቲን ሲጻፍ ብቻ ነው፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ። ለዚህም ይመስለኛል የወደድኩት።

እሑድ እህቴ ቤት ሄጄ ለልጇ አሳየኋት። 12 ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች። ሶፍት ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ቤታቸው በጀርመንኛው ነው የሚጠሩት። እሱን ስነግራት ወዲያው ሳቀች። ደስ አለኝና ስለ ሁለቱ ፊደል ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አጎቴ፣ ያው አንድ ቃል ነው እኮ። የት ተፋህ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በስልክ ስትጠይቀኝም ሁልጊዜ «የት ተፋህ» ነው የምትለኝ፣ እኔ ደግሞ በልጅ አፍ እየወሰድኩት አልፌዋለሁ። ለኛ ሁለት ቃል ተጋጭቶ ነው ያሳቀን። ለሷ ሁለቱ ቃላት በድምፅም ተለያይተው አያውቁም። ይኼ ነገር ልቤን ነካው፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

አንድ ሶፍት ሳብኩና ከአፏ ፊት አንጠልጥዬ ያዝኩላት። ተ ስትል ትንፋሹ ወጥቶ ሶፍቱን ያወዛውዘዋል። ጠ ላይ ግን ትንፋሽ ከጉሮሮ ይታገዳል፣ ድምፁ ምላስ ላይ ፈነዳ ብሎ ይወጣል፣ ሶፍቱም እምብዛም አይነቃነቅም። መጀመሪያ አሳየኋት፣ ከዚያ እሷ ሞከረች። ሶፍቱ ተወዛወዘ። ደግማ ሞከረች፣ አሁንም ተወዛወዘ። «ትንፋሽሽን ያዢ፣ ከዚያ በይው» አልኳት። ከብዙ ሙከራ በኋላ ጥርት ያለ ጠ ወጣ፣ ሶፍቱም ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቷ ከማድ ቤት እልል አለች።

ልጅቷ ስልኳን አንሥታ ለግሩፑ ጻፈች፦

Te alku!

ከዱባይ ወዲያው መልስ መጣ፦

Te weyis te?