18 በመቶ ከ20 በመቶ የሚበልጥበት ጊዜ፦ የግምጃ ቤት ሰነድና ቦንድ በግሽበት መሐል

የመንግሥትን የዕዳ ሰነድ መግዛት በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። በባንክ በኩል የሰነድ መመዝገቢያ ሒሳብ ከፈትሁ፣ የጨረታ ማመልከቻ ሞላሁ፣ ዋጋ ሳላቀርብ በጨረታው አማካይ ዋጋ ለመግዛት መስማማቴን አመልክቼ ፈረምሁ፣ በክፍያው ቀን ገንዘቡ ከሒሳቤ ተቀነሰ። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ከዚህ ሁሉ በፊት በነበረው፣ የትኛውን ሰነድ እንደምገዛ በመረጥሁበት ደረጃ ላይ ነው። ያን ቀን ከባንኩ ሠራተኛ ጋር የተነጋገርነው ነገር ዛሬም ሲታወሰኝ ያናድደኛል።

ሠራተኛው ሁለት ቁጥር ሰጠኝ። የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ 18 በመቶ፣ የአምስት ዓመት ቦንድ ደግሞ 20 በመቶ። ዋጋቸውን በጽሑፍ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው፣ «ጌታዬ፣ 20 ከ18 ይበልጣል፤ ሌላ ስሌት ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። በእጁ የነበረው በራሪ ወረቀትም ቦንዱ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የበለጠ እንደሚያተርፍ፣ እስከ መክፈያው ቀን ከተያዘም ምንም ኪሳራ እንደሌለው ይናገር ነበር። በዚሁ ምክር ገንዘቤን ለሁለት ከፍዬ እኩሌታውን በሰነዱ፣ እኩሌታውን በቦንዱ ላይ አዋልሁ።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን ጎን ለጎን የሚቀመጡ አልነበሩም። የቦንዱ 20 በመቶ ኩፖን ነው፤ ለ100 የተገዛ ቦንድ በየስድስት ወሩ 10 ይከፍላል። የሰነዱ 18 በመቶ ግን የቅናሽ ምጣኔ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ አይከፍልም፤ በመጨረሻ 100 የሚከፈልበትን ወረቀት ዛሬ በቅናሽ ይሸጡልሃል። 18 በመቶው የሚሰላው በመጨረሻው 100 ላይ እንጂ ከኪስህ በሚወጣው ገንዘብ ላይ አይደለም። የግዢ ማረጋገጫው ሲደርሰኝ የከፈልሁት 82.05 እንደሆነ አየሁ። በ82.05 ላይ 17.95 ማትረፍ ወደ 21.9 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ «አነስተኛው» ሰነድ ገና ከጅምሩ ከቦንዱ ይበልጥ ነበር። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ዋጋውን ማየት ብቻ ነበር፤ የተከለከልሁትም እሱን ነው። ዋጋውን በጽሑፍ የማያሳይ ሠራተኛ ፊት ማመልከቻ አትፈርሙ። የነገሯችሁ ምጣኔ የቅናሽ ይሁን የትርፍ የሚታወቀው ከዋጋው ነውና።

ሁለተኛው ጥፋት በግሽበቱ ቁጥር ላይ የተፈጸመ ነው። ሠራተኛው በይፋ የተነገረውን 17 በመቶ ጠቅሶ ሁለቱም ሰነዶች ከዋጋ ንረቱ በላይ እንደሚከፍሉ አረጋገጠልኝ። ያ ቁጥር የአሥራ ሁለት ወራት ተንከባላይ አማካይ ነበር፤ ዋጋ እየፈጠነ በሚሄድበት ጊዜ እንዲህ ያለው አማካይ ምንጊዜም ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያም በላይ ያለፈውን ዓመት የሚመለከት ነው፤ የኔ ገንዘብ ግን የሚቀመጠው በሚመጣው ዓመት ውስጥ ነው። ትክክለኛው መለኪያ በገዛችሁበት ወርና ገንዘቡ በተመለሰበት ወር የታተመው የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ነው። በኔ ጊዜ ኢንዴክሱ ከ250 ወደ 315 ወጣ፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል 1.26 እናገኛለን፤ ግሽበቱ 26 በመቶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ሰነዱን እንመልከት። ከትርፉ 10 በመቶ ተቀናሽ ግብር ተወሰደ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ግብሩ የሚቆረጠው የገንዘቡ የመግዛት አቅም ቢቀንስም ባይቀንስም ከስም ትርፉ ላይ ነው፤ በተጨባጭ የከሰረ ሰውም እንደ አትራፊ ይከፍላል። ከግብር በኋላ 82.05 የነበረው 98.2 ሆነ፤ ይህም 1.197 እጥፍ ነው። ብዙ ሰው ከ19.7 ላይ 26 ቀንሶ 6.3 በመቶ ከሰርሁ ይላል። ግሽበት ከፍ ሲል መቀነስ ያሳስታል፤ ማካፈል ይገባል። 1.197 ለ1.26 ሲካፈል 0.95 ይመጣል፤ እውነተኛው ኪሳራ 5 በመቶ ገደማ ነው። የሚያስደስት ውጤት አይደለም። ሆኖም ያው ገንዘብ ያለ ወለድ በተንቀሳቃሽ ሒሳብ ቢተኛ ኖሮ ከመግዛት አቅሙ ከ20 በመቶ በላይ ያጣ ነበር።

በቦንዱ በኩል የደረሰው ግን እስካሁን አልወጣልኝም። በዓመቱ ውስጥ ግሽበቱ ሲፈጥን የጨረታው ምጣኔም ተከትሎ ወጣ፤ አዲስ ቦንድ 27 በመቶ ትርፍ ይሰጥ ጀመር። 27 ማግኘት የሚችል ገዢ 20 የሚከፍለውን ወረቀቴን በ100 ሊገዛኝ አይችልም። አራት ዓመት የቀረውን ቦንድ ለመሸጥ ስጠይቅ የቀረበልኝ ዋጋ 83.5 ነበር። ከግብር በኋላ የተቀበልሁትን 18 ኩፖን ስጨምርበት 101.5 ሆነ፤ ለ1.26 ሲካፈል 80.6 ገደማ። ስለዚህ 20 በመቶ ይከፍላል የተባለው ቦንድ በዚያ ዓመት ያስገኘው ውጤት ገንዘብን ያለ ወለድ ከማስቀመጥ ብዙም አልተሻለም።

ይህን ይዤ ወደ ባንኩ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ «አይሽጡት፤ እስከ መጨረሻው ከያዙት አይከስሩም» የሚል ነበር። በብዙ ይፋዊ ማብራሪያም ይኸው ይነገራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ግሽበቱ በ26 በመቶ ቢቀጥል በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚመለስልኝ 100 ቦንዱን በገዛሁበት ቀን 31.5 ይገዛው የነበረውን ያህል ብቻ ይገዛል፤ ኩፖኑም በየዓመቱ ያው 20 ነው። ወረቀቱን አለመሸጥ ኪሳራውን ከሒሳብ መግለጫው ላይ ያጠፋው ይሆናል እንጂ ከኑሮዬ ላይ አያጠፋውም።

አጭር ሰነድ ጥቅሙ ከፍተኛ ምጣኔ መስጠቱ ሳይሆን ገንዘቡን ቶሎ መልሶ በአዲሱ ዋጋ ለማስቀመጥ ዕድል መስጠቱ ነው። የ91 ቀን ሰነድ ይህን በዓመት አራት ጊዜ ያደርጋል። ጉድለቱ ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ እስከሚቀጥለው ጨረታ ያለ ወለድ መቀመጡ ነው፤ ስለዚህ መክፈያው ከመድረሱ በፊት ለተከታዩ ጨረታ እንዲዛወር የጽሑፍ ትእዛዝ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ የሚያዛውር ሰው ግሽበቱ ሲከፋ የትርፉን ጥሩ ድርሻ በመሐል በሚባክኑት ቀናት ያጣል።

ለአጭሩ ማድላቴ ሌላም ምክንያት አለው። ጋና ግሽበቷ 54.1 በመቶ በደረሰበት በታኅሣሥ ወር 2022 እ.ኤ.አ. የአገር ውስጥ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ስትነሳ፣ ቦንድ የያዙት አነስተኛ ኩፖንና ረዘም ያለ መክፈያ ባላቸው አዳዲስ ቦንዶች እንዲለውጡ ተጠየቁ፤ የግምጃ ቤት ሰነዶች ግን ከዚያ ውጪ ተደርገዋል። ሁልጊዜ እንዲሁ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ መንግሥት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያራዝመው ረጅሙን ዕዳ ሊሆን እንደሚችል ግን ያሳያል።

ቦንድ ፈጽሞ አይገዛም አልልም። የኢንዴክሱ ወርኃዊ ለውጥ ለተከታታይ ወራት ወርዶ፣ የጨረታው ምጣኔ ግን ገና ከፍ ብሎ ሳለ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ያኔ 27 በመቶ ላይ የተቆለፈ ሰው ግሽበቱ ወደ 12 ሲወርድ ትልቅ እውነተኛ ትርፍ ያገኛል፣ አጭር ሰነድ የያዘው ደግሞ በየጨረታው እየቀነሰ በሚሄድ ምጣኔ ይተካል። አሁን በየወሩ የምከታተለው ይህን የወር ለውጥ ነው፤ የተንከባላዩን አማካይ ቁጥር ማንበብ ትቻለሁ።