የተፈረመበት ሁለት ሰዓት

መንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ። የዛን ቀን የማሰለጥናቸው እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። የ20 ሰዓት ልምምድ ከፍለው ገና ስድስተኛው ላይ ናቸው። እንደ ልማዴ ገና ሳንነሳ የሁለት ሰዓቱን መዝገብ አስፈረምኳቸው።

ብዙም ሳንሄድ «ልጄ፣ ፍሬኑ ዛሬ ለስለስ አለብኝ» አሉ።

«እግርዎ ነው እትዬ፣ ረገጥ ያድርጉት» አልኳቸው። ጀማሪ መቼም ያላለው የለም ብዬ።

40 ደቂቃ እንደነዳን ቁልቁለት ላይ በእኔ በኩል ያለውን ፔዳል ስረግጠው ወደ ታች ሰመጠ። ብዙ ተማሪ የአሰልጣኙ ፍሬን ሌላ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ፍሬን ይመስለዋል። አይደለም። የኔ ፔዳል የእሳቸውኑ ፔዳል ነው የሚጎትተው፤ ዘይቱ ከፈሰሰ ለሁለታችንም ፈሰሰ ማለት ነው። ደግነቱ ጭራሽ አልጠፋም ነበር። ማርሽ አስቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ ዳር አስያዝናት።

ሞተሩ እየሰራ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩት። ደህና ፍሬን እንደዛ ሲያዝ ባለበት ይቆማል፣ ይሄ ግን ከእግሬ ስር ቀስ እያለ ወረደ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላው ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቧል። የፍሬን ዘይቱም ከዝቅተኛው መስመር በታች ነው። በቃ፣ መኪናዋ በተጎታች ሄደች።

«ልምምዱ ተሰርዟል፣ የቀረዎትን 80 ደቂቃ እተካለሁ» አልኳቸው። ቸር የሆንኩ መስሎኝ።

«40ውስ? ስነግርህ እግርሽ ነው አልከኝ እኮ። የተበላሸ ፍሬን ነው ስለማመድ የነበረው። ያለፈው ሳምንት ዝናብስ?»

እሱን ረስቼው ነበር። ዝናብ መጥረጊያው በመጨረሻው ፍጥነት እየሄደ እንኳ መስታወቱ አልጠራ ሲል 30 ደቂቃ ነድተን ቆምን፣ የቀረውን 90 ደቂቃ በቆመ መኪና ውስጥ ስለ ምልክቶች ሳወራ ቆይቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብዬ መዘገብኩት። እሳቸው የከፈሉት ግን ለመንዳት ነው። የንድፈ ሐሳቡን ለብቻው ከፍለው ጨርሰዋል። ካፊያ ቢሆን እሺ፣ ካፊያ ራሱ ትምህርት ነው፣ ለዛ አይሰረዝም። እንደዛ ያለውን ዶፍ ግን ከቤት ሳይወጡ ደውዬ ማስቀረት ነበረብኝ።

የዛሬውን 120፣ የዝናቡን 90 ስንደምረው 3 ሰዓት ተኩል ወጣ። ቢሮ ሄጄ ሳስተካክል ትንሽ ተጉረመረሙብኝ፣ የፈረሙበት ወረቀት አለ እያሉ። አዎ አለ፤ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ሳይነዱ።

ሰዓቱን በአንድ ቀን ላድርግልዎት ስላቸው እምቢ አሉ፣ ልክም ነበሩ፤ ጀማሪ ከሁለት ሰዓት በኋላ እግሩም ሐሳቡም ይዝላል። ለሁለት ቀን ከፈልነው፣ ቀኖቹን እሳቸው መረጡ። አሁን የማስፈርመው ከወረድን በኋላ ነው፣ የተነሳንበትንና የቆምንበትን ደቂቃ ጽፌ።

በተተካው የመጀመሪያ ቀን ሞተር አስነስተው፣ ፍሬኑን ረግጠው ይዘው ትንሽ ጠበቁ።

«አልወረደም» አሉኝ። ሄድን።