ኢንዳክሽኑ «አልሞቅም» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ?» ነው

የእናቴ ኢንዳክሽን ምድጃ አንድ ድስት ብቻ የሚይዝ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 2000 ዋት የሚጎትት ነው። «አይሞቅም፣ ወስደህ አሠራው» አለችኝ። ጥገና ቤት ከመውሰዴ በፊት ግን መቼ መቼ እንደሚያስቸግራት ጠየቅኋት። «አንዳንዴ ገና ሳበራው ይጮሃል። አንዳንዴ ወጡን ጀምሮ መሃል ላይ ይጥለኛል። ማታ ደግሞ ጭራሽ እንቢ ይላል» አለች። አንድ ብልሽት የመሰላት ነገር ሦስት የተለያየ ችግር ነበር።

ገና ሲበራ የሚጮኸው በድስቱ ምክንያት ነው። ኢንዳክሽን ራሱ እሳት የለውም። ከመስታወቱ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅል የሚፈጥረው ማግኔታዊ ኃይል የድስቱን ቂጥ ያሞቀዋል። የአሉሚኒየም ድስትና የሸክላ ጀበና ለዚህ አይሆኑም። ስለዚህ ምድጃው ምንም እንዳልተጣደበት ቆጥሮ E0 ይጽፋል፣ ትንሽ ቆይቶም ራሱን ያጠፋል። የፍሪጅ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት አንስቼ የእናቴን ድስቶች ቂጥ አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሁለት መንትያ የሚመስሉ የስቲል ድስቶች ነበሯት። አንዱ ማግኔቱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው፣ ሌላው ጣለው። ስቲል ሁሉ ማግኔት አይስብምና በዓይን መለየት አይቻልም። ማግኔቱ መያዙ ብቻም አይበቃም። የድስቱ ቂጥ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ስፋቱም ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ትንሿን የቡና ማፍያ ብረት ብትሆንም ምድጃው ላያያት ይችላል። ከሥር የሚነጠፍ የብረት ሳህን ገዝቶ ጀበናውን በላዩ መጣድ ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ሳህኑ ከመጠን በላይ ይግልና ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል።

መሃል ላይ የሚያቋርጠው ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። ማግኔት የሚይዘውን ድስት ጥጄ ከፍተኛው ላይ አደረግኩት። ውሃው ፈላ፣ ከዚያ ምድጃው ጮኾ E2 ጻፈ። በዚህ ምድጃ መመሪያ ላይ E2 ማለት ውስጡ ከልክ በላይ ግሏል ማለት ነው። በሌላ ምድጃ ላይ ያው ኮድ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል የራስን መመሪያ ማየት ግድ ነው።

ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል። ታዲያ ለምን ጋለ? ቁራጭ ሶፍት በጎን በኩል አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ስይዝ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ምድጃውን ሳነሳው ነገሩ ተገለጠ። አየር የሚስበው በሆዱ በኩል ነው፣ እናቴ ደግሞ ከሥሩ የጠረጴዛ ላስቲክ አንጥፋለች። ማራገቢያው በሳበ ቁጥር ላስቲኩ ወደ ላይ ተነስቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ላስቲኩን አነሳሁ፣ ከሶኬት ነቅዬም ቀዳዳው ላይ የተጋገረውን የዘይት አቧራ በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩ። እንደገና ስሞክረው ሶፍቱ ተርገበገበ፣ ምድጃውም ሳያቋርጥ ወጡን ጨረሰ።

ሌላም ልማድ ነበራት። ምግቡ ሲያልቅ ማራገቢያው መዞሩን ስለሚቀጥል «ቆጣሪ ይበላል» ብላ ወዲያው ትነቅለዋለች። «እማዬ፣ ተይው፣ ራሱ ይቆማል» አልኳት። ምድጃው ቢጠፋም ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች እንደጋሉ ናቸው፣ ከላይ ያለው ድስትም መስታወቱን ያግለዋል። ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ የሚዞረው ያንን ሙቀት ለማስወጣት ነው። የሚፈጀው መብራት ከቁጥር አይገባም። የሚያሳስበው ምድጃው እየሠራ ማራገቢያው ድምፁ ካልተሰማ ነው። ያኔ ማብሰሉን አቁሞ ማስቀየር ነው። ክዳኑን ቤት ውስጥ መክፈት ግን አልመክርም፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የሚቀር ኃይል አደገኛ ነው።

ማታ እንቢ ሲል የሚጽፈው E4 ነው፣ እሱም የምድጃው ጥፋት አልነበረም። ትርጉሙ የመብራቱ ኃይል አነሰ ነው። መደበኛው 220 ቮልት ቢሆንም፣ ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት ሲለካ የግድግዳው ሶኬት 178 ቮልት አሳየ። እናቴ የምትጠቀምበት ቀጭን ኤክስቴንሽን ጫፍ ላይ ደግሞ፣ ምድጃው እየሠራ፣ ወደ 165 ወረደ። ገመዱም ለእጅ ይሞቃል። 2000 ዋት ማለት ወደ 9 አምፔር ነው፣ ለእንደዚህ ያለ ገመድ ይከብደዋል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስንሰካው ሠራ። መብራቱ በጣም በሚደክምበት ምሽት ግን አሁንም E4 ይጽፋል፣ ለዚያ መፍትሔው ቀደም ብሎ ማብሰል ነው።

ጥገና ቤት የሚያስኬደው ሌላ ነው። ምድጃው አድሮ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ገና ሲበራ «ግያለሁ» የሚለውን ኮድ ከጻፈ፣ የሚጠረጠረው ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ለጠጋኙም «አይሞቅም» ከማለት ይልቅ ኮዱንና የታየበትን ሰዓት ጽፎ መስጠት ሥራውን ያቀልለታል።