ይህን ሁሉ ዓመት ይዤ የት ልሂድ?

ከፍቅረኛዬ ጋር ሰባት ዓመት አብረን ኖረን ተለያየን። ዕቃ መከፋፈሉ፣ ቤት መፈለጉ፣ ለዘመድ መንገሩ ያደክማል እንጂ ያልፋል። እኔን ፍዳዬን ያሳየኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነው፤ ልቆይ ወይስ ልሂድ እያልኩ የተንገላታሁበት ጊዜ።

ያነጋገርኳት አማካሪ የሰጠችኝ ምክር ሁሉም ሰው የሚሰጠው ነው። «ወረቀት ለሁለት ክፈይ። በአንዱ በኩል እንድትቆዪ የሚያደርግሽን፣ በሌላው እንድትሄጂ የሚያደርግሽን ጻፊ።» ጻፍኩ። የመቆያው ምክንያት ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። የመሄጃው ሦስት መስመር ብቻ ሆነ፦ አናወራም፤ ስናወራ እንጣላለን፤ የበሩ ቁልፍ ሲንቋቋ ሰውነቴ ይወጠራል። አማካሪዋ ወረቀቱን አየት አደረገችና «እንግዲህ የሚያቆይሽ ይበዛል» አለች። ምን እንደተጻፈ እንኳን አላነበበችም፤ መስመር ነው የቆጠረችው። በዚያ ወረቀት ሰበብ ከዓመት በላይ ቆየሁ። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። «ስታመም አስታሞኛል። ሥራ ባጣ ጊዜ ቤቱን እኔ ይዣለሁ። ከእናቱ ጋር ለመግባባት ስንት ለፍቻለሁ። ወጣትነቴ ያለቀው ከሱ ጋር ነው።» እነዚህ ሁሉ ሆነው ያለፉ ናቸው። ብቆይም ብሄድም ማንም አይነካቸውም። ብቆይ ደግሞ ወጣትነቴ አይመለስልኝም። አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው።

በዚህ የምንሸወደው በፍቅር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 አርክስና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የዓመት የቲያትር ትኬት ከገዙ ሰዎች መካከል ለአንዳንዶቹ በዕጣ ቅናሽ ተደረገላቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አብልጠው ቲያትር ያዩት ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ነበሩ። ቲያትሩ ያው ነው፤ የሚጎትታቸው የወጣው ብር ነበር።

ግን እዚህ ላይ ያለፈውን ሁሉ በጅምላ አትሰርዙ። ዓመታት ያፈሩት፣ ዛሬም የሚሠራ ነገር አለ። «ስናደድ መቼ ዝም እንደሚለኝ ያውቃል» ብዬ ጽፌ ነበር። ይህን ለመማር ዓመታት ፈጅቷል፤ እውነት ከሆነ ግን የዛሬ ሀብት ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው አንድ ጥያቄ አበጀሁለት፦ ባለፈው ወር አይቼዋለሁ? አላየሁም። «ያስቀኛል» የሚለውንም ጠየቅኩ። ያሳቀኝ ድሮ ነው።

የቀረው ፍርሃት ነበር። «ማታ ከማን ጋር አወራለሁ? ብታመም ማን ይደርስልኛል? በዚህ ዕድሜ ማንን አገኛለሁ?» ደጋግሜ ሳነበው አንዱም ላይ እሱ የለበትም። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ብታስቀምጡ ዓረፍተ ነገሩ አይለወጥም። አንዴ ለሥራ ርቆ ሄዶ ሳለ የናፈቀኝ ምን እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የቤቱ ድምፅ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩና ተረጋጋሁ። ሰው ቢናፍቀኝ ኖሮ ሬዲዮ ምን ያደርግልኝ ነበር?

ብቸኝነት ቀላል ነው አልልም። ከወጣሁ በኋላ ምሽቱ ከብዶኛል፤ በተለይ የሰንበት ምሽት። የፈራሁትን ያህል ግን አልነበረም፤ ይህም የኔ ብቻ አይደለም። ኢስትዊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ወጣቶች ከፍቅረኛቸው ቢለያዩ ምን ያህል እንደሚከፋቸው አስቀድመው ገምተው ነበር። የተለያዩት ሲጠየቁ የደረሰባቸው ሐዘን ከግምታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከፍቅረኛችን ጎን ተኝተን የምንስለው ብቸኝነት የተጋነነ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ እዚያ አልጋ ላይም ብቻዬን ነበርኩ።

ስነግረው «ሰባት ዓመቴን አቃጠልሽብኝ» አለኝ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። የራሴን ዓመታት ሰርዤ ስጨርስ የሱን ረስቼ ነበር። ልቤ ራደ፤ ልቅር ብዬ አፌን ልከፍት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከዚያ ግን ያው ሂሳብ መሆኑ ገባኝ። የሱንም ዓመታት ብቀር አልመልስለትም። በእዳ የተቀመጠች ሴት ብጨምርበት ነው። «ስምንተኛውን እንዳላቃጥልብህ ነው» አልኩት። ተናደደ፤ ሊናደድም ይገባዋል።

ልጅ ወይም የጋራ ብድር ካላችሁ ለሱ ሌላ ወረቀት ያዙ። እሱ ከፊታችሁ ያለ ወጪ እንጂ ያለፈ አይደለም፤ መሰረዝ የለበትም። የምትፈሩት ብቸኝነትን ሳይሆን ሰውዬውን ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ተዉት። ቁጭ ብላችሁ አትንገሩት፤ መጀመሪያ ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ የምታርፉበት ቦታ አዘጋጁ።