አሯሯጩ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቸኩል

የአንድ አትሌቲክስ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። በሙከራ ቀን ሥራዬ መሙ ዳር ቆሜ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት መጥራት ነው። 10,000 ሜትር 25 ዙር ስለሆነ፣ ሯጮቹ መዛል ሲጀምሩ ከእነሱ ቀድሞ የሚታየው ለእኔ ነው።

ዕለቱን በደንብ አስታውሰዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወጣቶቻችንን ሰዓት ልናስሮጥ ነበር። ዕቅዱ 29:10 ነው፤ በየዙሩ 70 ሰከንድ ማለት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለወጣት ሯጭ ይህ ከባድ ሰዓት ነው። ግማሹን በ14:35 አድርሶ የሚወጣ አሯሯጭም ተዘጋጀ። የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበር፤ ፈጣን ነውና ይችላል ተብሎ ተመረጠ።

የመጀመሪያው ዙር በ66 ሰከንድ አለቀ። ሁለተኛው 67፣ ሦስተኛው 68። "ቀስ በል!" ብዬ ጮህኩ። ልጁ ግን እውነትም ቀስ ያለ መስሎታል። ለ1,500 ሯጭ 66 ሰከንድ ሶምሶማ ነው። በሦስት ዙር ብቻ ከዕቅዱ 9 ሰከንድ ቀደመ።

አጭሩ ልጅ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ሄደ። ረጅሙ ሁለተኛው ዙር ላይ ለቀቀው። ዋና አሰልጣኙ ከጎኔ ሆነው "ተወው! የራስህን ሰዓት ሩጥ!" አሉት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። መጀመሪያ ላይ ያተረፍኩትን ሰከንድ በኋላ እጠቀምበታለሁ ይላል። ከፍታ ላይ ግን አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ሯጩ ከአቅሙ በላይ በሄደባቸው ዙሮች የሚጠራቀመው ድካም፣ ሩጫው ሳይቆም አይራገፍም። በኋላ ወደ 70 ቢመለስም ያ 70 ከበፊቱ ይከብደዋል።

አሯሯጩ ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ተስተካከለ። 5,000 ሜትሩን በ14:24 አድርሶ ወጣ። አጭሩ ልጅ ብቻውን ቀረ፣ ረጅሙን በ11 ሰከንድ እየመራ። ከውጭ ለሚያይ አሸናፊው የታወቀ ይመስል ነበር።

እኔ ግን ሰዓቱን ትቼ ትከሻውን ማየት ጀመርኩ። ትከሻው ወደ ጆሮው ከፍ ብሏል። እጁ ደረቱን አቋርጦ ይወዛወዛል። የእግሩ ድምፅ በግልጽ ይሰማል። እነዚህ ምልክቶች ከሰዓቱ ይቀድማሉ። ለሁለት ዙር 71 ያዘ፣ ከዚያ 72 ሆነ፣ ቀጥሎ 73። ረጅሙ እዚያው 70 ላይ ነው። በ19ኛው ዙር ደርሶ አለፈው። አልፈጠነም፤ አጭሩ ነው የወረደው።

የመጨረሻው ዙር ሌላ ነገር ያሳያል። ደወሉ ሲመታ ረጅሙ 28:00 ላይ ነበር። ወዲያው አልፈነጠረም። የመጀመሪያውን 200 ሜትር በ31.5፣ የመጨረሻውን በ29.5 ሮጠና 29:01 ገባ። አጭሩም እንደምንም ጨክኖ የመጨረሻውን ዙር በ70.5 ጨረሰ፤ ሰዓቱ 29:30። በሌላ ቀን 200 ሜትር ሲሯሯጡ አጭሩ ነበር የሚቀድመው። ፍጥነቱ አልጠፋም፤ ማውጫ ጉልበቱ ነው ያለቀው።

በኦሎምፒክም ሆነ በዓለም ሻምፒዮና አሯሯጭ የለም፤ ሯጮቹ ራሳቸው ሥራውን ይሠራሉ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሩጫው ቀስ ብሎ ሄደና ሰለሞን ባረጋ በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ በ27:43.22 አሸነፈ። በ2024 ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያውያኑ እየተፈራረቁ መርተው ፍጥነቱን አከረሩት። ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ግን እስከ መጨረሻው ጠብቆ በ26:43.14 ወሰደው። በሪሁ አረጋዊ 26:43.44 ነበር የገባው። ኢትዮጵያውያኑ የሠሩት መጥፎ አይመስለኝም፤ አጨራረስ ያለውን ሰው ለማድከም ሌላ መንገድ ብዙም የለም። ግን እኩል እየሄደ የሚጠነክር ፍጥነት፣ ከፊት ያለውን እንጂ ከኋላ የተጠለለውን ቶሎ አይጎዳም። ንፋሱንም ሐሳቡንም የሚሸከመው የሚመራው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ዋና አሰልጣኙ አሠራሩን ለወጡት። አሯሯጭ የሚመረጠው በፍጥነቱ መሆኑ ቀረ። ከሙከራው በፊት 400 ሜትሮችን ሰዓት ሳያይ ይሮጣል፤ ሁሉንም ከ69.5 እስከ 70.5 ካላመጣ አያሯሩጥም። እኔም አሁን በ200 ሜትር ላይ እጠራለሁ። 33 ካለ ለማረም ግማሽ ዙር ቀርቶታል፤ 66 እስኪሰማ ከጠበቀ ግን ሯጮቹ ከፍለውበታል። ከቸኮለም በአንዴ 74 እንዳይወርድ እንነግረዋለን፤ ከኋላው ያሉት እግር ለእግር ይጠላለፋሉ። የቀደመውን ትቶ ቀጥታ ወደ 70 ይመለሳል።

አጭሩ ልጅ በቀጣዩ ሙከራ አሯሯጩ 68 ሲከፍት ሦስት ሜትር ለቀቀው።